የሐበሻ ቀሚስን ከማዘዝሽ በፊት በራስሽ ፎቶ ላይ እንዴት ታዪዋለሽ?

«ይህ ጥለት እኔ ላይ ሲሆን ምን ይመስላል?» ለሠርጓ ወይም ለመልሷ ነጭ ቀሚስ ልታሰፋ ያሰበች ሙሽራ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ትጠይቀናለች። ሰፊው የሚልክላት ፎቶ የሌላ ሴት ነው። በዚያች ሴት ቁመት ላይ ያማረው የታች ጥበብ በእሷ ላይ እስከ ጉልበቷ ሊወጣ፣ ደረት ላይ ያማረው ደግሞ ትከሻዋን ሊያጠበው ይችላል።

ይህን አስቀድሞ ማየት የሚያስፈልገው በጨርቁ አሠራር ምክንያት ነው። ጥበቡ ከሸማው ጋር አብሮ የሚሸመን ከሆነ ሸማኔው ባለቀለሙን ክር የሚያስገባው ጨርቁ ገና ሽመና ላይ እያለ ነው። ጨርቁ ከወረደ በኋላ «ትንሽ ከፍ ይበል»፣ «አምስት ሴንቲ ይጨመርበት» ቢባል መፍትሔው ሌላ ጨርቅ ማሸመን ነው። ጥልፍ ወይም ለብቻው ተሸምኖ የሚሰፋ ጥለት ከሆነ ጊዜ አለሽ፤ የሚሠራው ቀሚሱ ከተቆረጠ በኋላ ነውና። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰፊውን «ጥበቡ አብሮ የተሸመነ ነው፣ ተሰፍቶ የሚጨመር ነው ወይስ ጥልፍ?» ብለሽ ጠይቂ። አብሮ የተሸመነ ካለሽ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ክር ከመገዛቱ በፊት ጨርሺ።

የምንከተለው ዘዴ አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ በፎቶው ላይ አንድ ሴንቲሜትር አሥር ፒክስል እንዲሆን እናደርጋለን። ያኔ በስክሪን ላይ የምታዪው ጥለት ስፋቱ የእውነት ይሆናል፤ የወደድሽውንም በሴንቲሜትር ለሰፊው መንገር ትችያለሽ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የልብስ ሰፊ ሜትር።
- ቀጥ ያለ እንጨት። የመጥረጊያ እጀታ ይበቃል። በሁለት ቦታ ባለቀለም ፕላስተር ለጥፊበት፤ በሁለቱ መካከል ልክ 100 ሴንቲሜትር ይሁን።
- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ ፎቶ የምታነሳሽ እህት ወይም ሚዜ።
- በዕለቱ የምታደርጊው ጫማ። ገና ካልገዛሽ ተረከዙ ተመሳሳይ ከፍታ ያለው ሌላ ጫማ።
- ሰውነት ላይ የሚያርፍ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቲሸርትና ሱሪ።
- ብራውዘር ያለው ኮምፒውተር። የምንጠቀመው Photopea ነው፤ `photopea.com` ብለሽ ስትገቢ ያለ ክፍያ ይከፈታል። ፎቶውን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ እንጂ ወደ ሌላ ቦታ ልኮ አይደለም። በስልክም ይከፈታል፤ ነገር ግን በጣት ጥለት መቁረጥ ትዕግሥት ያስጨርሳል።
- የቀሚሱ ናሙና ፎቶ። እንዴት እንደሚነሳ በደረጃ 3 እንነግርሻለን።

ደረጃ 1፦ ልኬትሽን ውሰጂ

ሌላ ሰው ይለካሽ። ራስሽን ስትለኪ ጎንበስ ማለትሽ አይቀርም፤ ጎንበስ ስትዪ የትከሻና የወገብ ርቀት ይለወጣል። ጫማውን አድርገሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚና አራት ቁጥር አስጽፊ፦ ከአንገት ሥር፣ ትከሻ ከሚጀምርበት ነጥብ እስከ ወለል፤ ከዚያው ነጥብ እስከ ወገብ፤ ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት፤ ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ። ወገብሽ የት እንደሆነ ካጠራጠረሽ ክር አስሪና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎንበስ በዪ፤ ክሩ ራሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። የሙሽራዋ ቁመት ያለ ጫማ 162 ሴንቲሜትር ነው፤ ተረከዙ 8 ይጨምርላታል። ከትከሻ እስከ ወለል 145 ሆነ። ቀሚሱ ከወለሉ 3 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል ትፈልጋለች፤ ስትራመድም ሆነ ስትጨፍር ጫፉን እንዳትረግጠው። ስለዚህ የቀሚሷ ርዝመት 142 ነው። ከትከሻ እስከ ወገብ 40፣ የትከሻ ስፋቷ 38።

ደረጃ 2፦ ያንቺ ፎቶ

አብዛኛው ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በኋላ በኮምፒውተር የሚስተካከል ስለሚመስል ሰው ይቸኩላል፤ የተዛባ ፎቶ ግን አይቃናም።

ካሜራው ከአንቺ አራት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከፍታው እምብርትሽ ላይ ይሁን። ቆሞ በዓይኑ ልክ የሚያነሳ ሰው እግርሽን ያሳጥረዋል፤ የታች ጥበብ የሚውለው ደግሞ እዚያው ነው። ካሜራው ከፍ ባለ ቁጥር ጥበቡ ባጠረው እግርሽ ላይ ከእውነተኛው የሰፋ ይመስልሽና ሳታስቢው ጠባብ ታዝዣለሽ። ስልኩ `2x` ካለው እሱን ተጠቀሚ። `0.5x` ግን ጠርዝ ላይ ያለውን ይለጥጣል፤ በፍጹም አይሆንም።

ከጀርባሽ ያለው ግድግዳ ነጭ አይሁን። ነጭ ቀሚስ ነጭ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ይጠፋል። ብርሃኑ ከአንድ ጎን የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ይሁን፤ በመስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ ጥሩ ነው። እጆችሽን ከጎንሽ አንድ ጥፍር ያህል ሳይሆን አንድ መዳፍ ያህል አርቂ፤ ከወገብሽ ጋር ከተጣበቁ ቀሚሱን በመካከላቸው ማስገባት አይቻልም። ፀጉርሽን በዕለቱ እንደምትሠሪው ሰብስቢው ወይም ልቀቂው፤ ሹሩባው ትከሻ ላይ መውረዱ የአንገቱን ጥለት ይሸፍነዋልና።

እንጨቱ ከእግርሽ ጎን ቀጥ ብሎ ይቁም። ልብ በዪ፦ ከአንቺ ጋር በአንድ መስመር ላይ እንጂ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አይደለም። ግድግዳው ከኋላሽ አንድ ሜትር ቢርቅ፣ ካሜራው ከአንቺ አራት ሜትር ላይ ሆኖ እንጨቱ ከእውነተኛው 20 በመቶ አንሶ ይታያል። ያኔ ስሌቱ በሙሉ በዚያው ልክ ይዛባል፤ 25 ሴንቲሜትር ያልሽው ጥበብ ሰውነትሽ ላይ 20 ያህል ብቻ ሆኖ ይታይሻል።

ሦስት አራት ፎቶ ተነሺና ትከሻሽ ያልተጋደመበትን ምረጪ። የጀርባም አንድ ይኑርሽ። ካባ የማትለብሺ ከሆነ በሥነ ሥርዓቱ ጊዜ እንግዳ ብዙ የሚያየው ጀርባሽን ነው።

ደረጃ 3፦ የቀሚሱ ፎቶ

ከሰፊው የምትጠይቂው በአሻንጉሊት ላይ የቆመ ናሙና ፎቶ ነው። ማንጠልጠያ ላይ ያለ ቀሚስ ጎኑ ተጣጥፎ ይወርዳል፤ አልጋ ላይ የተዘረጋ ደግሞ እጥፋት የለውም፤ ሁለቱም ገላ ላይ ሲደረጉ የወረቀት ልብስ ይመስላሉ። የሌላ ሙሽራ ፎቶ ላይ ያለውን ቀሚስ ቆርጠሽ አትውሰጂ። የሰውን ፎቶ ሳያስፈቅዱ መጠቀም ተገቢ ካለመሆኑም በላይ፣ ቀሚሱ በእሷ ሰውነት ቅርጽ ስለተወጠረ ያንቺ ላይ አይቀመጥም።

ሽሮ ሜዳ ያለው ሰፊም ሆነ በሌላ ከተማ ያለው ይህን መልእክት ቢደርሰው ይረዳዋል፦

«ቀሚሱን አሻንጉሊት ላይ አድርገው፣ ከፊት ለፊት፣ ስልኩን በወገብ ከፍታ ይዘው፣ ከሦስት ሜትር በላይ ርቀው ያንሱልኝ። ከጀርባው ጠቆር ያለ ጨርቅ ይሁን። ሜትሩን ከታችኛው ጥበብ አጠገብ ቀሚሱ ላይ ይዘርጉት። ፎቶውን በፋይል መልክ ይላኩልኝ።»

በፋይል የሚባለው ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ስለሚጨምቀው ነው። የጥለቱ ክር ይደበዝዛል፤ የመስቀሉ ጠርዝ ከነጩ ጨርቅ ጋር ይዋሃዳል። `File` ብሎ ሲልክ እንዳለ ይደርሳል። ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆነሽ አዲስ አበባ የምታዝዢ ከሆነ ይህ ፎቶ ጨርቁን በእጅሽ የመንካትን ያህል ባይሆንም ካለሽ ሁሉ የተሻለው ማስረጃ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ሴንቲሜትር፣ አሥር ፒክስል

1. ፎቶሽን በ Photopea ክፈቺ። ከመሣሪያዎቹ `Ruler` የሚለውን ይዘሽ ከአንዱ ፕላስተር ወደ ሌላው ሳቢ። ከላይ ርዝመቱ በፒክስል ይነበባል።
2. በምሳሌያችን 2000 ፒክስል ሆነ። ይህ 100 ሴንቲሜትር ስለሆነ አንዱ ሴንቲሜትር 20 ፒክስል ነው። አሥር እንዲሆን ፎቶው በግማሽ ይቀንሳል።
3. `Image > Image Size` ግቢ። ፎቶው 3000 በ 4000 ከነበረ 1500 በ 2000 አድርጊው። የስፋትና የቁመቱ ማያያዣ መቆለፉን አረጋግጪ፤ ካልተቆለፈ ፎቶው ይጨፈለቃል።
4. የቀሚሱን ፎቶ ለብቻው ክፈቺ። `Open & Place` አትበዪ፤ እሱ በሸራው ልክ ራሱ ያሳንሰውና ስሌትሽን ያጠፋዋል።
5. በሜትሩ ላይ 20 ሴንቲሜትሩን ለኪ። 320 ፒክስል ቢሆን አንዱ ሴንቲሜትር 16 ፒክስል ነው። አሥርን ለ16 ስታካፍዪ 0.625 ይመጣል። የፎቶው ስፋት 2400 ከሆነ በ0.625 ሲባዛ 1500 ነው፤ በ `Image Size` 1500 ጻፊ።

አሁን ሁለቱም ፎቶዎች በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በሙሽራዋ ፎቶ ላይ ትከሻዋን በ `Ruler` ስትለኪ 380 አካባቢ ሊመጣ ይገባል። 340 ወይም 420 ካነበብሽ እንጨቱ ያለቦታው ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሺ።

ደረጃ 5፦ ቀሚሱን ቁረጪ፣ ከዚያ ክፈዪው

`Quick Selection` ይዘሽ ቀሚሱን በሙሉ ምረጪ። ከጀርባው ጠቆር ያለ ጨርቅ ከነበረ በሁለት ሦስት ጭረት ያልቃል። `Ctrl+C`፣ ወደ ሙሽራዋ ፎቶ ሂጂ፣ `Ctrl+V`። ቀሚሱ አዲስ ሌየር ላይ፣ ማለትም ከፎቶሽ በላይ ለብቻው በሚንቀሳቀስ ንጣፍ ላይ፣ ይቀመጣል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። የናሙናው ቀሚስ 150 ሴንቲሜትር ነው፤ ያንቺ 142። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ቀሚሱን በሙሉ ይዞ ማሳነስ ነው። እንዲህ ሲደረግ ግን ጥለቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ሸማኔው ግን ጥለቱን አያሳንስልሽም፤ በለመደው ክር ቁጥር ነው የሚሠራው። ሰፊም ቀሚስ ሲያሳጥር የሚቆርጠው ከነጩ ጨርቅ ነው። አንቺም እንደ ሰፊው አድርጊ።

ቀሚሱን በአራት ሌየር ክፈዪው፦ የላይኛው አካል ከነደረት ጥለቱ፣ እጅጌዎቹ፣ ከወገብ በታች ያለው ነጭ ጨርቅ፣ የታች ጥበቡ። እያንዳንዱን በመምረጫ ከበሽ `Ctrl+J` ስትዪ ለብቻው ሌየር ይሆናል፤ ስሙንም ጻፊበት። ሲያልቅ ያልተከፈለውን ሙሉውን ቀሚስ አታጥፊው፤ ዓይኑን ጠቅ አድርገሽ ሰውሪው፤ ስትሳሳቺ መመለሻሽ እሱ ነው።

ከዚያ ከዳሌ በታች ካለው ነጭ ጨርቅ 80 ፒክስል፣ ማለትም 8 ሴንቲሜትር፣ አውጪና የታች ጥበቡን ያንኑ ያህል ወደ ላይ አንሺው። ከአንገት እስከ ታች የሚወርድ የፊት ጥለት ካለ እሱም መቆረጡ አይቀርም፤ ቆረጣው ግን በመስቀሉ ድግግሞሽ ልክ ይሁን። አንዱ መስቀል ከነክፍተቱ 8 ሴንቲሜትር ከሆነ አንድ መስቀል ይወጣል፤ ቁጥሩ ገጠመ። 6 ከሆነ ግን አንድ ብቻ አውጥተሽ ቀሪውን 2 ሴንቲሜትር ከላይ፣ ከአንገት ሥር ካለው ሜዳ ጨርቅ ትቀንሻለሽ። ይህን ለሰፊው መጻፍ አለብሽ፤ ካልተጻፈለት ግማሽ መስቀል ጫፉ ላይ ተሰፍቶ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ በሰውነትሽ ላይ አስቀምጪው

ከትከሻ ጀምሪ። የላይኛውን አካል የትከሻ ነጥብ ከትከሻሽ ጋር አገናኚ፤ ቀጥሎ ወገቡን ተመልከቺ። የአሻንጉሊቱ ወገብ ከትከሻው 42 ላይ ከሆነና ያንቺ 40 ላይ ከሆነ ልዩነቱ 20 ፒክስል ነው፤ ከወገብ በላይ ካለው ነጭ አንሺለትና ርዝመቱ ከ142 እንዳይጎድል ያንኑ 20 ፒክስል ከዳሌ በታች መልሺ። መቀነት የምታስሪ ከሆነ መቀነቱ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ሁለት ሴንቲሜትር መሳሳት ቀሚሱን በሙሉ የተውሶ ያስመስለዋል።

ጎኑ ካልገጠመ `Edit > Transform > Warp` ተጠቀሚ። ነጩን ክፍል እንደፈለግሽ ሳቢው። ጥለት ያለበትን ሌየር ግን ወደ ጎን ከጥቂት ፒክስል በላይ አትለጥጪው፤ መስቀሉ ሲጎብጥ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ ሲሰፋም ደግሞ ልኩ ሐሰት ይሆናል። የደረት ጥለቱ ላንቺ ከሰፋ እንደሰፋ ይታይ። ለማየት የፈለግሽው እሱን ነው።

እጅና ፀጉር ከቀሚሱ ፊት መምጣት አለባቸው። በ `Layers` ሰሌዳ ግርጌ ያለውን የማስክ ምልክት ጠቅ አድርጊና በጥቁር ብሩሽ እጅሽና ፀጉርሽ ያሉበትን ቦታ ቀቢ፤ ቀሚሱ እዚያ ላይ ይሰወራል። ከተሳሳትሽ በነጭ መልሰሽ ቀቢው። በመሰረዣ አትጥረጊ፤ የተሰረዘ አይመለስም።

ደረጃ 7፦ ነጩን ነጭ አስመስዪው

የጥጥ ነጭ የወረቀት ነጭ አይደለም። በእጅ የተፈተለ ፈትል ወደ ወተት የሚያዘነብል ነጭ ነው፤ ከመነን የተሠራው ይበልጥ ይነጣል። ፎቶ ላይ ቀሚሱ ጭራሽ ነጭ ከሆነ እጥፋቱ ይጠፋና ሰውነትሽ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል።

`Image > Adjustments > Curves` ክፈቺና የመስመሩን የላይኛውን የቀኝ ጫፍ ወደ ታች ትንሽ ጎትቺ፤ ብሩሁ ነጭ ከ255 ወደ 240 አካባቢ ይውረድ፤ በእያንዳንዱ የቀሚሱ ሌየር ላይ ድገሚው። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ የቀሚሱ ሌየር በላይ አዲስ ሌየር ፍጠሪ፣ ዓይነቱን `Multiply` አድርጊ፣ `Layer > Clipping Mask` በዪው። ይህ ጥላው ከቀሚሱ ወጥቶ ግድግዳውን እንዳይነካ ያደርጋል። ለስላሳ ብሩሽ በግራጫ ቀለም፣ `Opacity` 10 ወይም 15 አድርገሽ ከደረት በታች፣ ከብብት ሥርና ከብርሃኑ ተቃራኒ በሆነው ጎን አልፎ አልፎ ቀቢ። በአንድ ጊዜ አታጥቁሪው፤ ደጋግመሽ ሂጂበት።

የብርሃኑ አቅጣጫ ባንቺ ከግራ፣ በቀሚሱ ከቀኝ ከሆነ የቱንም ያህል ጥላ ብትቀቢ ልክ አይሆንም። ቀሚሱ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ `Edit > Transform > Flip Horizontal` ይገላግልሻል። ጥልፉ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን አትገልብጪው፤ ሰፊው ያንን ፎቶ አይቶ በተሳሳተው ጎን ይሠራልሻል። የራስሽን ፎቶ በሌላ ብርሃን ድጋሚ መነሳት ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ነጠላውን ወይም ካባውን ጨምሪ

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። በመልስ ቀን ካባ የምትለብሺ ከሆነ ትከሻሽና የደረትሽ ጎን በካባው ይሸፈናል፤ እጅጌው ላይ ያሠራሽው ጥለት ከካባው ሥር ይውላል። ነጠላ የምታደርጊ ከሆነ ደግሞ የነጠላው ጥበብ ከቀሚሱ የታች ጥበብ ጋር በአንድ ፎቶ ይታያል፤ ስፋታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ቀለማቸው ትንሽ ከተለያየ ስህተት ይመስላል።

ነጠላውን በሌላ ሌየር አስቀምጪና `Opacity` ከ50 እስከ 60 አድርጊ፤ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው መታየት አለበት። ጥበቡን ግን ለይተሽ 100 ላይ ተዪው፤ በባለቀለሙ ክር ምክንያት እሱ ወፈር ይላል። ለካባ ሙሉውን 100 ይሁን።

ካባው የሚሸፍነውን ጥለት ከትእዛዙ አውጥተሽ ለታች ጥበብ ብታውዪው የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ፊት ለፊት ሲታይ ክፍት ሆኖ የሚቀረው የመካከለኛው ጥለትና የታቹ ነውና።

ደረጃ 9፦ ሦስት ስፋት አወዳድሪ

የታች ጥበቡን ሌየር ሦስት ጊዜ አባዢና በ15፣ በ25 እና በ35 ሴንቲሜትር ሥሪው፤ በፎቶው ላይ 150፣ 250 እና 350 ፒክስል ማለት ነው። ስፋቱን ስትለውጪ ጥለቱን አትለጥጪ፤ ረድፍ ጨምሪ ወይም ቀንሺ። ሸማኔውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በምሳሌያችን ሙሽራ ላይ 15ቱ ከሩቅ ቀጭን መስመር ሆነ፤ ጫማዋ አጠገብ ጠፋ። 35ቱ ከቀሚሱ ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል ስለያዘ ወደ ጉልበቷ ተጠጋና ቁመቷን ለሁለት ቆረጠው። 25ቱ ከጉልበቷ በደንብ ዝቅ ብሎ ቀረ። የፊት ጥለቱ በናሙናው 14 ሴንቲሜትር ነበር፤ በ38 ሴንቲሜትር ትከሻ ላይ ደረቱን በሙሉ የያዘ መሰለ፤ ወደ 10 ሲወርድ በግራና በቀኙ ነጭ ጨርቅ ታየ። ረዥም ሙሽራ ላይ ውጤቱ ሌላ ይሆናል፤ ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች አትውሰጂ፤ የራስሽን ሥሪ።

ስታወዳድሪ ስክሪኑ ላይ አቅርበሽ አትዪ። ምስሉን አሳንሰሽ፣ ከወንበርሽ ተነሥተሽ ሁለት ሜትር ያህል ራቂና ተመልከቺ። በአዳራሽ ውስጥ ሰው የሚያይሽ እንደዚያ ነው። ለእናትሽና ለሚዜሽ ስታሳዪም ሦስቱን ያለ ቁጥር አሳዪ፤ «ሰፊው ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ቁጥሩን ሲሰሙ የሚመጣ ነው።

ደረጃ 10፦ ለሰፊው ላኪ

`File > Save as PSD` ብለሽ ለራስሽ አስቀምጪ፤ `File > Export as > PNG` ያልሽውን ለሰፊው ላኪ። ፎቶውን ብቻ አትላኪ፤ ሰፊው ፎቶ አይቶ በዓይኑ ይገምታልና። በምሳሌያችን አብሮት የሚሄደው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ፎቶውና ልኩ ይኸው። የቀሚሱ ርዝመት ከትከሻ 142 ሴንቲሜትር፣ ከ8 ሴንቲሜትር ጫማ ጋር የተለካ። ከትከሻ እስከ ወገብ 40። የታች ጥበብ ስፋት 25። የፊት ጥለት ስፋት 10፣ ከአንገት እስከ ታችኛው ጥበብ፣ መስቀሉ ሳይቆረጥ። እጅጌው ላይ ጥለት የለም፣ ካባ ይለበስበታል። ሸማኔው ከመጀመሩ በፊት የክሩን ቁራጭ ከነጭ ወረቀት አጠገብ በቀን ብርሃን አንስተው ይላኩልኝ።»

ማስጠንቀቂያ

የቀለም ውሳኔ በዚህ ፎቶ አይወሰንም። አንዱ ስክሪን ወርቃማውን ክር ቢጫ፣ ሌላው ቡናማ ያደርገዋል፤ ወርቀ ዘቦ ደግሞ በፍላሽ ሲነሳ ያበራል፣ በጥላ ሲነሳ ይጠቁራል። ነጭ ወረቀቱ የተጠየቀው ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየ ክሩም ቢጫ መስሎ የታየሽ በብርሃኑ ነው።

የታች ጥበቡን ርዝመት ከፎቶው አትለኪ። በፎቶ ፊት ለፊት 75 ሴንቲሜትር የሚመስል የቀሚስ ጫፍ ዙሪያው የዚያ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀ ጨርቅ አለ። ዙሪያውን የሚወስነው ሰፊው ነው፤ አንቺ ስፋቱን ብቻ ንገሪው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ወርዱ ውሱን ስለሆነ ሰፊ ቀሚስ መጋጠሚያ ስፌት ይኖረዋል፤ መጋጠሚያው ጥለት ላይ እንዳይወድቅ የት እንደሚውል ጠይቂው።

ፎቶው ስለ ጨርቁ ስስነትም አይነግርሽም። ሸማ በብርሃን ፊት ሲቆሙ ያሳያል፤ ገበሩ እስከ የት እንደሚደርስና ምን ዓይነት ነጭ እንደሚሆን በቃል ተስማሚ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት እንደሚሰበሰብም አትርሺ፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ውኃ ነክቶት እንደሆነ ጠይቂ። ካልነካው 142 ያልሽው ከታጠበ በኋላ 142 ሆኖ አይቆይም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ቀሚሱ የተንሳፈፈ ከመሰለ እግርሽ ሥር ጥላ የለም ማለት ነው። ከቀሚሱ ጫፍ በታች፣ በጫማሽና በወለሉ ላይ በ `Multiply` ሌየር ቀጭን ጥላ ቀቢ።

ጭንቅላትሽ ትልቅ፣ ቀሚሱ ትንሽ ከመሰለ ፎቶሽ የተነሣው ከቅርብና ከላይ ነው። ይህን በ `Warp` ለማቃናት አትሞክሪ፤ ድጋሚ ተነሺ።

በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር መስመር ከቀረ ከአሻንጉሊቱ ጀርባ የነበረው ጨርቅ ነው። ሌየሩን ሳትቆርጪ በማስኩ ላይ በቀጭን ጥቁር ብሩሽ ጠርዙን አንድ ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ አስገቢው።

ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ሳለ ቀሚሱ ያላማረሽ ከሆነ የቀሚሱን ሌየር ሰውረሽ የታች ጥበቡን ብቻ፣ ቀጥሎ የፊት ጥለቱን ብቻ አሳዪው። ዓይንሽን የሚረብሸው አንዱ ይሆናል፤ እሱን ብቻ ቀይሪ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስትቀይሪ የትኛው እንደረዳሽ ሳታውቂ ሌላ ናሙና ልትጠይቂ ትገደጃለሽ።